ሁለት ቢሮ፣ አንድ ጥንድ ክራንች

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 28 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በልጅነቴ በደረሰብኝ የመኪና አደጋ ምክንያት የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። አንድ ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ወገቤ ቀኑን ሙሉ ያመኛል። በየሦስት ወሩም የሐኪም ቀጠሮ አለኝ። የነበርኩበት ድርጅት ስለተዘጋ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ባለፈው ወር ለጽሑፍ ፈተና የጠራኝ መሥሪያ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ስለማይሠራ ጥበቃዎቹ ተሸክመው አወጡኝ። ፈተናው ላይ ተቀምጬ የማስበው እንዴት እንደምወርድ ብቻ ነበር። አላለፍኩም።

አሁን ሁለት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። አንዱ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የፋይናንስ ድርጅት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደመወዙ ጥሩ ነው። ሌላው ለቤቴ ቅርብ የሆነ፣ ገርጂ ያለ አስመጪ ድርጅት ነው፤ ምድር ቤት ነው፣ ደመወዙ ግን በ5 ሺህ ብር ያንሳል። የምኖረው ኮተቤ ነው። እናቴ «ሳያዩሽ ስለ እግርሽ አትናገሪ፣ ምድር ቤቱን ያዢ» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ካልፈለጉሽ ይቅርብሽ» ይላል። ቦታው የሚሆነኝ መሆኑን ከመግባቴ በፊት እንዴት ልወቅ? እንደገና ተሸክመው እንዲያወጡኝ አልፈልግም።

ሰ. ነኝ፣ ከኮተቤ

እኅቴ ሰ.፣

ያን የፈተና ቀን የችሎታሽ መለኪያ አድርገሽ አትያዢው። ጥበቃዎቹ ባላቸው ጉልበት ረድተውሻል፤ እነሱን አልወቅስም። የምወቅሰው ሊፍቱ እንደቆመ እያወቀ አራተኛ ፎቅ ላይ ፈተና የጠራውን ክፍል ነው። ሌሎቹ ተፈታኞች ቀመር እያሰቡ ደረጃውን ሲወጡ አንቺ በሰው እጅ ላይ ሆነሽ ቀሚስሽን እየሰበሰብሽ ነበር የወጣሽው። ፈተናውን እኩል አልጀመራችሁም።

እናትሽና ወንድምሽ የሚከራከሩበትን ነገር በጊዜ ብንከፍለው ሁለቱም ልክ የሆኑበት ቦታ አለ። ማመልከቻና የሥራ ልምድ በምታስገቢበት ጊዜ እናትሽ ልክ ናቸው። ወረቀቱ ላይ ያለው የትምህርትና የሥራ ታሪክሽ ነው፤ ስለ ክራንችሽ የመጻፍ ግዴታ የለብሽም፣ ስምሽን ከዝርዝር ለማውጣት ሰበብ ለሚፈልግ ሰውም ሰበብ አታቀብዪው። አንዴ ከተጠራሽ በኋላ ግን የወንድምሽ ምክር ይበልጣል፤ ምክንያቱ ግን እሱ ካሰበው ለየት ይላል። ያኔ መንገር ራስን ማጋለጥ አይደለም፣ ስለ ቤቱ መረጃ መሰብሰቢያ ነው። ቀጠሮ ከሰጡሽ በኋላ ክራንችሽን ሰምተው ቀጠሮውን ቢሰርዙ ደግሞ ማን እንደሰረዘና መቼ እንደሰረዘ ታውቂያለሽ። ዝም ብለው ከዝርዝር ቢያወጡሽ ኖሮ ይህ በእጅሽ አይገባም ነበር።

ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ነገ ደውዪ። ይቅርታ አትጠይቂ፣ ታሪክሽን አትንገሪ፣ ስለ ቤቱ ብቻ ጠይቂ። እንዲህ ብትዪ ይበቃል፦ «ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ፣ በሰዓቱ እገኛለሁ። በክራንች ስለምሄድ መግቢያው ላይ ስንት ደረጃ እንዳለና ሊፍቱ እንደሚሠራ ብትነግሩኝ? ሊፍቱ ከቆመ ቃለ መጠይቁን ምድር ቤት ማድረግ ይቻላል?»

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መልስ ጆሮ ሰጥተሽ ስሚው። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ቆይ፣ ወርጄ ቆጥሬ ልደውልልሽ» ካለችና መልሳ ከደወለች ያ ቤት ሰው አለው። «ሊፍቱ አንዳንዴ ይቆማል፣ ምድር ቤት ያለውን የስብሰባ ክፍል እናስይዝልሻለን» ካለችሽ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መልስ አትጠብቂ። የሚያሳስበኝ ጣፋጩ መልስ ነው፤ «ኧረ ምንም ችግር የለም፣ ነይ ብቻ፣ ጥበቃዎቹ ያግዙሻል» የሚለው። ይህን የሚል ሰው ደግ ሊሆን ይችላል። ግን ስለ ደረጃው ጠይቀሽው ስለ ጥበቃ ነው የመለሰልሽ፤ አንድ ቀን የሚሸከሙሽ ሰዎች በዓመት ሁለት መቶ ሃምሳ ቀን አይሸከሙሽም። «ሥራው ላይ ትችያለሽ?» ብሎ የሚጠይቅሽም ይኖራል። አትቆጪ። «የሥራውን ዝርዝር ብትነግሩኝ የምችለውንና እንዴት እንደምሠራው እነግራችኋለሁ» በይው። ይህች መልስ ወደ ዋናው ጉዳይ ስለምትወስደን እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ሕንፃው። ከቃለ መጠይቁ ቀን በፊት ወንድምሽን በሥራ ሰዓት፣ በተለይ ጧት፣ ሁለቱም ቦታ ላኪው። በኪሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዝ። ጧት ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አዳዲሶቹ ሕንፃዎች መግቢያቸው የተወለወለ ሴራሚክ ወይም ግራኒት ነው፣ የጽዳት ሠራተኞቹም ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት ነው በእርጥብ መወልወያ የሚያጸዱት። ለሌላው ሰው እርጥብ ወለል ጫማ ማቆሸሽ ነው፤ ለአንቺ የክራንቹ ጎማ የሚንሸራተትበት ቦታ ነው። ወንድምሽ ይህን በዓይኑ ይይ። የክራንችሽን ጎማ ጫፍም ዛሬውኑ ገልብጠሽ እዪው፤ መስመሮቹ ጠፍተው ከለሰለሰ ከቃለ መጠይቁ በፊት ቀይሪው።

መግቢያው ላይ ደረጃውን ይቁጠር፣ የአንዱንም ከፍታ ይለካ። መወጣጫ ካለ ደስ አይበለው፣ ይለካው። ደህና የሚባለው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው። እንግዲህ አንዱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሦስት ደረጃ ካለ ከፍታው 45 ይሆናል፣ መወጣጫውም 5 ሜትር ከ40 ያህል መርዘም አለበት። በከተማችን የሚበዛው ግን ሁለት ሜትር ሆኖ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ለዕቃ መግፊያ ጋሪ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ለተሽከርካሪ ወንበር አደገኛ ነው፤ ለክራንች ደግሞ፣ በተለይ ሲወረድ፣ ከደረጃው ይብሳል። መደገፊያ ያለው ሦስት ደረጃ መደገፊያ ከሌለው ቀጥ ያለ መወጣጫ ለአንቺ ይሻልሻል፤ ይህን ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ወንድምሽ ግን ላያውቀው ስለሚችል ንገሪው። መደገፊያው በየትኛው ጎን እንዳለም ያስታውስ።

በሮቹን ይግፋቸው። በራሱ የሚዘጋ ከባድ የመስታወት በር ሁለት እጁ ለተያዘ ሰው ጠላት ነው። የበሩ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከነክራንችሽ ሳትጠበቢ ታልፊያለሽ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት። ይህ ሲነሳ ብዙ ሰው ያፍራል፤ አንቺ አትፈሪ። መቀመጫ ያለው ነው ወይስ ቁጢጥ የሚባልበት? በዚያው ፎቅ ላይ ነው ወይስ አንድ ፎቅ መውረድ ያስፈልጋል? በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል ወይስ ወደ ውጭ? ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ያለው ጠባብ መጸዳጃ ውስጥ ክራንች ይዞ መዞር እንደማይቻል ነግረሽኝ ማስረዳት የለብሽም። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ የምቾት እጦት ሰለባዎች ብዙ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ በዚህ በአንዱ የተነሳ ጥሩ ሥራ የለቀቀ ሰው አውቃለሁ።

የሊፍቱን ነገር የሰው ኃይል ክፍሉን በስልክ ብቻ ጠይቀሽ አትተዪው፤ እነሱ «ይሠራል» ነው የሚሉት፣ አይዋሹም፣ ግን እነሱ በደረጃም ይወጣሉ። ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋንም ጠይቂ። የምትጠይቂውም «ይሠራል ወይ?» ብለሽ አይሁን፤ «መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሊፍቱን ያነሳዋል?» በይ። ብዙ ቦታ ጀነሬተሩ አምፖልና ኮምፒውተር ነው የሚያነሳው፤ ሊፍቱ ባለበት ይቆማል። አክለሽም «ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ቆመ?» በያቸው። ወንድምሽ ሻይ ጋብዞ ቢጠይቃቸው ከየትኛውም የድርጅት መግለጫ የበለጠ እውነት ይዞልሽ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ችሮታ አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ጀምሮ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ ለመውጣት ለሚቸገር ሰው መግቢያ ሊኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም የሚመች ሊሆን እንደሚገባ በግልጽ ተጽፏል። ወረቀቱና ሲሚንቶው አለመገናኘታቸው የአደባባይ ምስጢር ስለሆነ ነው ሜትር ያስያዝኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሦስተኛ ፎቁን ስትፈሪው፣ ምድር ቤቱን ስታምኚው በደብዳቤሽ አይቻለሁ፤ እናትሽም እንዲሁ። እኔ ግን ሁለቱን ሥራዎች ከጧት እስከ ማታ ሳስባቸው ፍርሃቴ ወደ ገርጂው ያደላል።

እስቲ አስቢው። አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ያለ አካውንታንት ወንበሩ ላይ የሚውለው ስንት ሰዓት ነው? አራት ዓመት ሠርተሻልና ከእኔ ይልቅ አንቺ ትመሰክሪያለሽ። ቼክ ይዞ ባንክ መሄድ አለ። ባንኩ ውስጥ ወረፋ አለ፣ ቆሞ። ግብር ማሳወቅ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሆንበት ቢበዛም ደብዳቤ ሲመጣ፣ ኦዲት ሲባል፣ ክሊራንስ ሲፈለግ ገቢዎች ቢሮ መመላለስ አለ፤ የእነዚያን ቢሮዎች ደረጃ ደግሞ ወንድምሽ አይለካቸውም። ቃሊቲ ወይም ሌላ ቦታ መጋዘን ካላቸው የዕቃ ቆጠራ አለ፤ ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ወይም ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት መደርደሪያ ለመደርደሪያ እየዞሩ፣ ካርቶን እየተሻገሩ መቁጠር። ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ገንዘብ ያዥዋና ተላላኪዋ አንድ ሰው የሆኑበት ድርጅት ጥቂት አይደለም። ቢሮው ምድር ቤት ሆኖ ሥራው ግን ጎዳና ላይ ይሆናል።

የሜክሲኮው ትልቅ ከሆነ ሥራው የተከፋፈለ ነው። ባንክ የሚሄድ ሰው አለ፣ ፋይል የሚያመላልስ ሰው አለ፣ አንቺ የምትመዘግቢውና የምታስታርቂው ኮምፒውተር ላይ ነው። ጧት አንዴ በሊፍት ወጥተሽ ማታ አንዴ ትወርጃለሽ። ምሳ በዚያው ፎቅ መብላት ከቻልሽ ቀንሽ ከገርጂው ሊቀልልሽ ይችላል። ሊቀልልሽ ይችላል ነው ያልኩት፤ ሊፍቱ በሳምንት ሁለቴ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፣ አንቺ የምትወጪው አንድ ፎቅ ነውና።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ «የሚጠይቁን ነገር አለ?» ሲሉሽ ዝም አትበዪ። ሁለቱንም ቦታ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «በዚህ የሥራ መደብ ላይ የነበረው ሰው ባለፈው ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ሲሠራ ዋለ?» የሥራ መዘርዝሩን አይደለም፣ ሳምንቱን። ያ ሰው ገና ካልለቀቀ እሱን ራሱን ማነጋገር ብትችዪ እጅግ ጥሩ ነው። መልሱ ውስጥ ከቢሮ መውጣት፣ መሸከምና መቆም ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሪ። ቦክስ ፋይል መሸከምን አትርሺ፤ ሁለት እጅሽ ክራንች ላይ እያለ ፋይል ከመደርደሪያ አውርዶ ወደ ጠረጴዛ ማምጣት በቀን አሥር ጊዜ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው እንጂ መግቢያው ላይ ያለው ደረጃ አይደለም።

ይህን ስታውቂ የምትጠይቂው ነገር ትንሽና ቁርጥ ያለ ይሆናል። ገርጂ ቢሳካ «ባንክና ገቢዎች የሚሄደውን ተላላኪው ይሂድልኝ፣ እኔ ሰነዱን አዘጋጅቼ እፈርማለሁ፤ በቆጠራ ጊዜ አንድ ረዳት ይቁጠር እኔ ልመዝግብ» ማለት ነው። ሜክሲኮ ቢሳካ «የዕለት ፋይሎቼ ጠረጴዛዬ አጠገብ በሚገኝ ዝቅ ያለ መደርደሪያ ይሁኑ፤ ሊፍት በሚቆምበት ቀን ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ የምቀመጥበት ቦታ ይኑር፤ ታክሲ በር ድረስ እንዲያስገባኝ ለጥበቃ ይነገር» ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጣ አለ? የለም ማለት ይቻላል። አሠሪ ስለ «አካል ጉዳተኛ መቅጠር» በደፈናው ሲያስብ የሚታየው ሕንፃ ማፍረስ ነው፤ አንቺ መደርደሪያና ተላላኪ ስትዪው ትከሻው ሲወርድ ታዪዋለሽ።

ሕጉም ይህንኑ ነው የሚለው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ በመሣሪያው፣ በሥራ ሰዓቱ፣ በሥራው አደረጃጀት ላይ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ያስገድደዋል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ጫና ካልሆነበት በስተቀር። ማመቻቸቱን አለማድረግ ራሱ አድልዎ ተብሎ ይቆጠራል። ውጤትሽ ከሌላው ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያው የአንቺ ነው። ነገሩ ክርክር ከሆነ ደግሞ አድልዎ አለማድረጉን የማስረዳት ሸክሙ አሠሪው ላይ ይወድቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቅጣቱ ግን ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ብር ስለሆነ ማንንም አያስደነግጥም፤ ስለዚህ አዋጁን ቃለ መጠይቅ ላይ ይዘሽ አትግቢ። ለራስሽ እወቂው፣ ስትጠይቂ ድምፅሽ እንዳይለምን ይረዳሻል። ያለፈው ዓይነት ነገር እንደገና ከገጠመሽና መታገል ከፈለግሽ ግን የተጠራሽበትን መልእክት፣ ቀኑንና ያነጋገረሽን ሰው የሥራ ድርሻ መዝግበሽ ይዘሽ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን መሄድ ትችያለሽ፤ አቤቱታ የሚቀበሉት ያለ ክፍያ ነው።

ሁለቱ ድርጅቶች በውስጣቸው ምን እንደሆኑ ለማወቅ ሌላም መንገድ አለ። «አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የሚለው የማስታወቂያ መዝጊያ ብዙ አያሳውቅም፤ ከአንዱ ማስታወቂያ ወደ ሌላው የሚገለበጥ ዓረፍተ ነገር ነው። ይልቁንም «የተሟላ ጤንነት»፣ «መልካም ቁመና» የሚሉ መስፈርቶችን ለሒሳብ ሥራ የሚያወጣ ድርጅት ስለ ራሱ ብዙ ነግሮሻል። ከማስታወቂያ የሚበልጠው ግን ሰው ነው። የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን ሥር ካሉት ማኅበራት ወደ አንዱ ሂጂና ድርጅቶቹን ስማቸውን ጠርተሽ ጠይቂ። የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍል ካለውም ከአንቺ በፊት የተመረቁት የት እንደገቡ ሊያውቅ ይችላል። እዚያ የሠራ አካል ጉዳተኛ ስታገኚ «ቀጠሩህ ወይ?» ብለሽ አታብቂ፤ «ምን ያህል ቆየህ? ዕድገት አገኘህ? ለምን ለቀቅህ?» በይ። ስልክ ኦፕሬተር አድርጎ ቀጥሮ አሥር ዓመት እዚያው ያስቀመጠ ድርጅት ቀጣሪ ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ዓይነት መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። 5 ሺህ ብር ብዙ ይመስላል፣ ነገር ግን መንገዱን ሳትቀንሺለት አትቁጠሪው። ከኮተቤ ሜክሲኮ በሚኒባስ ለመሄድ በጧት ግፊያ ክራንች ይዞ መሳፈር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በጥሪ ታክሲ ለመሄድ ካሰብሽ፣ አንዱ ጉዞ ለምሳሌ 300 ብር ቢሆን ደርሶ መልሱ 600 ነው፣ በወር 22 ቀን 13,200 ብር። ገርጂ ግማሹን ቢፈጅብሽ 6,600። ልዩነቱ 6,600 ብር ስለሆነ የሜክሲኮው ብልጫ አልቆ አልፎም ይሄዳል። ሜክሲኮዎቹ የሠራተኛ ሰርቪስ ካላቸው ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ታዲያ ሰርቪስ አለ ሲሉሽ የት እንደሚያነሳሽ፣ የመኪናው መወጣጫ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ የመሳፈሪያው ቦታ ከቤትሽ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቂ። የመግቢያ ሰዓት በግማሽ ሰዓት ዘግየት ቢልልሽ ሚኒባሱም ሊሆን ይችላል፤ ይህም ልትጠይቂው የሚገባ ማመቻቸት ነው። በዚህ ወር ያለውን ትክክለኛ ዋጋ አስገብተሽ ራስሽ አስሊው፣ ሙያሽ ነው።

አንድ ነገር እንዳይዘነጋሽ፤ የሐኪም ቀጠሮሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል፤ በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ ሦስት ወር ገደማ ማለት ነው። በደመወዝ የሚሰጠው የሕመም ፈቃድ የሚጀምረው ደግሞ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ነው። ቀጠሮሽ በየሦስት ወሩ ስለሆነ አንዱ የሙከራ ጊዜው ውስጥ የመውደቁ ዕድል ሰፊ ነው። ቀኑን አሁን ካወቅሽው ከመፈረምሽ በፊት ንገሪያቸውና በኢሜይል ያረጋግጡልሽ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ አልሆነም ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል ያ አንድ ቀን ከሥራ እንደመቅረት እንዳይቆጠር ነው። ስኳር፣ ኩላሊት፣ የሚጥል በሽታ እያለባችሁ የምትጽፉልኝ አንባቢዎችም ይህችን አንቀጽ ለእናንተም አድርጉልኝ፤ የእናንተ ደረጃ በዓይን አይታይም እንጂ የቀጠሮው ነገር ያው ነው።

መደርደሪያውን፣ ተላላኪውንና ሊፍት የሚቆምበትን ቀንም እንዲሁ በጽሑፍ አድርጊ። ከተስማማችሁ በኋላ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት» ብለሽ ሦስት አራት መስመር ኢሜይል ላኪና «ልክ ነው» እንዲሉሽ ጠብቂ። ዛሬ ቃል የገባልሽ ኃላፊ በስድስት ወር ውስጥ ሊዛወር ይችላል፤ የሚተካው ሰው «እንደዚህ ያለ ነገር አልሰማሁም» ሲል ኢሜይሉን ታሳዪዋለሽ።

ልጠይቅሽ፣ ሰ.፤ ሁለቱም ቢቀበሉሽ የትኛው ሥራ ነው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያሳድግሽ? ይህን ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽም፤ ስለ ደረጃ እያሰብሽ ሙያሽን ረስተሽው እንዳይሆን እሰጋለሁ። ገርጂ ሁሉንም የሒሳብ ሥራ ከሥር ጀምሮ ትነኪዋለሽ፣ ሜክሲኮ አንዱን ክፍል አጥልቀሽ ትይዣለሽ። ክራንች ባይኖርሽ ኖሮ የትኛውን ትመርጪ ነበር? መልሱ ገርጂ ከሆነ ተላላኪውን ጠይቀሽ ገርጂን ያዢ። መልሱ ሜክሲኮ ከሆነ የሊፍቱ ወሬ እስኪመጣ ጠብቂ።

የአንዱ ድርጅት መልስ ቀድሞ ከመጣና የሌላው ቃለ መጠይቅ ገና ከሆነ «ለመወሰን እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ» ማለት ያልተለመደ ነገር አይደለም፣ አያስቆጣም። ወንድምሽ ሜትሩን ይዞ ከተመለሰ በኋላ የለካውን ላኪልኝ፣ በተለይ የመጸዳጃውን በርና የጀነሬተሩን ነገር። የሜክሲኮው ሊፍት ጀነሬተር ላይ ከሌለ በቁጥሩ ላይ ተነጋግረን እንወስናለን።